ጥቆማ፦ ከደብረ ማርቆስ ዕቃ ለማድረስ በኪሎ ሜትር ስንት ላስከፍል?

ጠያቂው፦ ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤልና ወደ ረቡዕ ገበያ መድኃኒትና መለዋወጫ በሞተር አደርሳለሁ። በኪሎ ሜትር 10 ብር አስከፍላለሁ፤ የሚቆጠረው ግን መሄጃው ብቻ ነው። ትርፍ ያለው ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት የኋላ ጎማዬ ሽቦው ወጣና አዲስ ልገዛ ስል ኪሴ ባዶ ነበር። ሌሎቻችሁ እንዴት ታስባላችሁ? ደንበኛ ሳላጣ ዋጋዬን እንዴት ላስተካክል?

የከተማ ሞተረኛ፦ ቀላል ነው፤ የነዳጁን ወጪ በሁለት አባዛው። ባዶ መመለሻው በዚያ ይሸፈናል።

ነባር ሞተረኛ፦ መመለሻውን ማሰቡ ልክ ነው፤ ነዳጅ ብቻ ማሰቡ ግን ያከስራል። የራሴን ስሌት ልንገርህ፤ ዋጋዎቹን በአንተው ቀይር። ታንኩን እስከ አፉ ሙላ፣ የሜትሩን ቁጥር ጻፍ፣ ጥቂት ቀን ነድተህ እንደገና እስከ አፉ ሙላ። የነዳኸውን ኪሎ ሜትር ለሁለተኛው ሙሌት ሊትር ስታካፍል እውነተኛው ፍጆታህ ይወጣል። የእኔ ሞተር ከነጭነቱ በሊትር 40 ይሄዳል። ሊትሩን 150 ብር ብንል ለአንድ ኪሎ ሜትር 3.75 ብር ነው። ዘይት፣ ጎማ፣ ካቴናና የፍሬን ሸራ እያንዳንዳቸው ዋጋቸው ለሚያገለግሉበት ርቀት ሲካፈል በአንድ ላይ 1.75 ይመጣል። ሞተሩን በ200 ሺህ ገዝቼ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ከነዳሁት በኋላ በ120 ሺህ ብሸጠው፣ በየኪሎ ሜትሩ 2 ብር ከራሱ ከሞተሩ አልቋል ማለት ነው። ድምሩ 7.50።

አሁን አማኑኤልን ተመልከት። መሄጃው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዕቃውን ለመቀበል ከምትዞረው ጋር ደርሶ መልሱ 64 ይሆናል። አንተ 300 ብር ትቀበላለህ። ነዳጁ 240 ስለሆነ 60 ብር የተረፈህ መሰለህ፤ ጠቅላላ ወጪህ ግን 480 ነው። ጎማህ የበላው ያንን ልዩነት ነው።

ጠያቂው፦ ታዲያ በ15 ብር ላስከፍል?

ነባር ሞተረኛ፦ ሁልጊዜ አይደለም፤ አንዳንዴ ከአማኑኤል ቅቤ ወይም እንቁላል ይዘህ ትመለሳለህ። ሁለት ሳምንት በደብተር ያዝ፤ በአንድ በኩል የነዳኸውን፣ በሌላው የተከፈለህበትን። እኔ ከከተማ ውጭ 640 ነድቼ የተከፈለኝ ለ400 ነበር። 640ን ለ400 ስታካፍል 1.6 ነው። 7.50 በ1.6 ሲባዛ 12 ብር። ይህ የሞተሩ ነው። የአንተን ጊዜ በሰዓት ለብቻው ቁጠር። በቀን ለ8 ሰዓት 600 ብር ብትል ሰዓቱ 75 ነው። አማኑኤል ሁለት ሰዓት ተኩል ስለሚወስድ 360 እና 190 ገደማ፣ 550 ብር ጠይቅ። ከተማ ውስጥ ደግሞ መንገዱ አጭር፣ መቆሙ ብዙ ስለሆነ ዋናው የሰዓቱ ሒሳብ ነው።

ባለ ሱቅ፦ እኔ የምልከው ካልቸኮለ ለሚኒባስ ረዳት እሰጣለሁ፤ ዋጋው በጣም ያንሳል። ግን ተቀባዩ መናኸሪያ ሄዶ መጠበቅ አለበት፤ አንድ ጊዜ የላክሁት ካርቶን ሦስት ቀን ጠፍቶ ቆይቷል። ለመድኃኒት 550 እከፍላለሁ። የማልወደው ዕቃው ከደረሰ በኋላ «የመመለሻም አለ» መባልን ነው። ዋጋው ሲጫን ይነገረኝ።

አንድ አስተያየት ሰጪ፦ ወንድሞቼ፣ እኔ ባጃጅ ልገዛ ነበር። በኪሎ ሜትር ስንት ይሠራል?

ነባር ሞተረኛ፦ የባጃጅ ታሪፍ ሌላ ነው፤ ሰው ስለሚጭን መመለሻውም እንዲህ ባዶ አይሆንም። ለብቻው ጠይቅ።

የረቡዕ ገበያ ሞተረኛ፦ ወደ ጮቄ በሚወጣው መንገድ ሞተር በሊትር 40 አይሄድም። ከፍታው ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡራተሩ ነዳጅ ያበዛል። ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩት፤ ጫፉ እንደ ጥላሸት ከጠቆረ ነዳጅ ያለ ሥራ እየነደደ ነው። ካርቡራተሩን ማስተካከል ይረዳል፤ ዳገቱ ግን አይቀርም። በክረምት ጭቃው የፍሬን ሸራውን በፍጥነት ይጨርሰዋል። ለዚህ መስመር የተለየ ደብተር ያዝ።

ባለ ሱቅ፦ በዐቢይ ጾምስ? ያን ጊዜ ቅቤ የሚያወርድ የለም።

ነባር ሞተረኛ፦ እውነትሽን ነው እህቴ። የመልስ ጭነት ጨርሶ ከጠፋ 64ቱ ለ30 ይካፈላል፤ የሞተሩ ብቻ 16 ብር ይሆናል። እኔ በጾም ዋጋ አልጨምርም፤ ለአማኑኤል ሁለት ሦስት ዕቃ እስኪሞላ ጠብቄ እሄዳለሁ።

የከተማ ሞተረኛ፦ መድኃኒት የላከ ሰው እስኪሞላ ይጠብቃል?

ጠያቂው፦ እኔም የምፈራው ያንን ነው። ለአስቸኳይ 16ቱን፣ ለሚጠብቅ 12ቱን ብልስ? ከነገ ጀምሮ ደብተሩን ልያዝ፤ በሁለት ሳምንት የእኔን ቁጥር እዚሁ እጽፋለሁ።