ለአያቴ የልደት መልእክት፦ በአማርኛና በእንግሊዝኛ

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)

አያቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከአክስቴ ጋር ይኖራሉ። ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. 80 ዓመት ይሞላቸዋል። በካርድ ላይ የሚታተም አጭር መልእክት እንድልክ ተጠይቄአለሁ፤ እንግሊዝኛው እዚያ ተወልደው አማርኛ ለማያነቡ የአክስቴ ልጆች ነው። እኛ ሁላችን የምንጠራቸው «እማማ» ብለን ነው። የጻፍኩት ግን ደርቆብኛል፤ እባካችሁ አርሙልኝ።

«ለተከበሩ አያቴ፤ መልካም የልደት በዓል እየተመኘሁ ረጅም ዕድሜና ጤና እንዲሰጥሽ እመኛለሁ። እግዚአብሔር ይባርክሽ። በጣም ናፍቀውኛል።»

```
Respected Grandmother, I wish you good birthday
holiday. God give you long age. You missed me very much.
```

መልስ (የላሊበላ ልጅ)

ለልደት በዓል ከሆነ የተለመደው «እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎ» የሚለው ነው። ከዚያ በላይ መጨነቅ አያስፈልግም።

መልስ (ጡረተኛ የአማርኛ መምህር)

ወንድሜ፣ ያ የገና ሰላምታ ነው፤ «ልደቱ» የጌታችን ልደት እንጂ የእማማ አይደለም። ይህ ካርድ በጥቅምት ወር ቢደርሳቸው አያት የልጅ ልጃቸው በዓል ተሳስቶበታል ብለው ይሠጋሉ።

ወደ ጠያቂው ጽሑፍ ልመለስ። ያደረቀው አንደኛው ነገር «ለተከበሩ አያቴ» የሚለው መክፈቻ ነው፤ ይህ ለመሥሪያ ቤት ከሚገባ ማመልከቻ የተወሰደ አነጋገር ነው። «አያቴ» ስለ እርሳቸው ለሌላ ሰው ሲያወሩ የሚሉት ቃል ሲሆን እርሳቸውን ሲጠሩ የሚሉት ግን «እማማ» ነው፤ ካርዱም በዚያው በለመዱት ጥሪ ይጀምር። ሁለተኛው ደግሞ አንቱታው መሐል ላይ መሰበሩ ነው። «ለተከበሩ» ብለው ጀምረው «እንዲሰጥሽ» እና «ይባርክሽ» ይላሉ፣ ከዚያም «ናፍቀውኛል» ብለው ወደ አንቱታ ይመለሳሉ። ሴት አያትን «አንቺ» ማለት በብዙ ቤት የፍቅር ነው፣ ነውርም የለበትም፤ ሁለቱን በአንድ ካርድ ላይ መቀላቀል ግን ጽሑፉ ከሁለት ሰው የተዋጣ ያስመስለዋል። በአፍዎ የሚሏቸውን አንዱን ይምረጡና እስከ መጨረሻው ይያዙት።

አንቱታውን ከመረጡ «እንኳን ለ80ኛ ዓመት ልደትዎ በሰላም አደረሰዎ» ይበሉ። ብዙ ሰው «አደረስዎ» ብሎ ይጽፋል፤ ነገር ግን ያደረሳቸው እግዚአብሔር ስለሆነ ግሡ «አደረሰ» ነው፣ «ዎ» የሚቀጠለውም በእርሱ ላይ ስለሆነ «ሰ» ፊደል ሳይለወጥ ይቀመጥ።

መልስ (የቀበና ልጅ)

ዋናው ስሕተት እኮ «መልካም ልደት» የሚለው ነው። ከፈረንጅ የተገለበጠ ስለሆነ አማርኛ አይደለም፤ «እንኳን ተወለዱልን» ብቻ ነው የሚባለው።

መልስ (ጡረተኛ የአማርኛ መምህር)

ከፊሉ እውነት አለው። በየዓመቱ ሻማ እየለኮሱ የግል ልደትን ማክበር ለእማማ ትውልድ እንግዳ ነበር፤ ስለዚህ ሰላምታውም አዲስ ነው። ይሁን እንጂ «መልካም በዓል» አማርኛ ከሆነ «መልካም ልደት» አማርኛ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ደግሞም «እንኳን ተወለዱልን» ራሱ የወጣቶች አነጋገር ነው፤ ለ80 ዓመት እናት «እንኳን አደረሰዎ» ይበልጥ ጆሯቸው የለመደው ይመስለኛል።

ከዚህ ይልቅ እኔን ያስቆመኝ «እግዚአብሔር ይባርክሽ» የሚለው ነው። ባደግሁበት አካባቢ ምርቃት ከትልቅ ወደ ትንሽ ይወርዳል እንጂ ከልጅ ወደ አያት አይወጣም። ልጅ ለአያቱ ዕድሜና ጤና ይለምናል፣ ከዚያም «ይመርቁኝ» ብሎ አንገቱን ይደፋል። በካርዱ ላይ ምርቃት ቢጠይቁ እማማ የሚመልሱት ነገር ያገኛሉ፤ ስልክ ሲደወልላቸውም «አሜን» የሚያሰኝ ወሬ ይኖራል።

መልስ (ደብረ ብርሃን)

እኔ በዚህ አልስማማም። እኛ ቤት ልጆቹ «እግዚአብሔር ይባርክልን» ይላሉ፣ አያታችንም ደስ ይላቸዋል እንጂ ተቆጥተው አያውቁም። እንደየቤቱ ነው።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ። አንቱታውን እይዛለሁ። እማማ ቡና ሲያፈሉ ከጎናቸው ተቀምጬ ከስኒው በፊት ምርቃታቸውን እጠብቅ ስለነበር ምርቃት መጠየቁን ወድጄዋለሁ። የተወለዱትም በሚካኤል ዕለት ነው፤ ልደታቸውን ያስታወሱት በቀኑ ቁጥር ሳይሆን በሚካኤል ነው። እንግሊዝኛውን የሚያርምልኝ ሰው ይኖራል?

መልስ (ተርጓሚ፣ አዲስ አበባ)

እንግሊዝኛውን የማርመው አማርኛው ካለቀ በኋላ ስለሆነ የቡናውንና የሚካኤልን ነገር አስገብቼ አማርኛውን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦

«እማማ፣ እንኳን ለ80ኛ ዓመት ልደትዎ በሰላም አደረሰዎ። ልጅ ሳለሁ ቡና ሲያፈሉ ከጎንዎ ተቀምጬ የሰማሁት ምርቃትዎ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ዘንድሮም በስልክም ቢሆን ይመርቁኝ። በጣም ናፍቀውኛል። ቅዱስ ሚካኤል ይጠብቅዎ፤ እግዚአብሔር ለብዙ ዘመን ያኑርልኝ። የልጅ ልጅዎ።»

በእንግሊዝኛዎ ላይ ከሁሉ የከፋው የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው፤ እንደተጻፈው ከሆነ የናፈቁት እማማ ናቸው፣ የተናፈቁት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ስሕተቱ የሚመጣው ከግሡ ነው። «ናፍቀውኛል» ስንል የግሡ ባለቤት እማማ ናቸው፣ ናፋቂው እርስዎ ግን መጨረሻ ላይ ባለችው «ኝ» ውስጥ ነዎት። በእንግሊዝኛ ናፋቂው ባለቤት ሆኖ መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል። ቃል በቃል የሚተረጉም ሁሉ እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ ለእናቴ ልጽፍ ብዬ ተሰናክያለሁ።

ሁለተኛው «ያኑርልኝ» ነው። በዚህች «ልኝ» ውስጥ «ለእኔ ስትል» የሚል ትርጉም አለ፣ በሕይወት መኖራቸው ለእርስዎ የተሰጠ ስጦታ ነው ማለት ነው። እንግሊዝኛ ይህን በአንዲት ቅጥያ የሚይዝበት መንገድ ስለሌለው «ለብዙ ዓመታት ከእኛ ጋር ይኑሩልን» ወደሚል ሐሳብ ፈታሁት። «እንኳን … አደረሰዎ» ደግሞ ጭራሽ አይተረጎምም፤ እነርሱ በዚያ ቦታ የሚሉትን የተለመደውን የልደት ሰላምታ መጠቀም ይሻላል። የአንቱታ ተውላጠ ስምም ዛሬ በእንግሊዝኛ ስለሌለ በ«የተከበሩ» ለማካካስ አይሞክሩ፤ እንዲህ ያለው መክፈቻ ለአያት ሳይሆን ለባለሥልጣን የተጻፈ ያስመስለዋል። እማማ የሚለውን እንዳለ ተዉት፣ የአክስትዎ ልጆችም በዚሁ ነው የሚጠሯቸው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፦ ወንድ ነዎት ወይስ ሴት? «የልጅ ልጅ» ለሁለቱም ይሆናል፣ በእንግሊዝኛው ግን መለየት ግድ ነው። ለጊዜው ወንድ አድርጌዋለሁ።

```
Dear Emama,
Happy 80th birthday! I still carry with me the
blessings I heard as a child, sitting beside you
while you made the coffee. Please bless me this
year too, even if only over the phone. I miss you
very much. May Saint Michael watch over you, and
may God keep you with us for many years to come.
Your grandson
```

ጠያቂው

ሴት ነኝ። የመጨረሻውን ቃል እቀይረዋለሁ።

```
Your granddaughter
```

መልስ (ከሜሪላንድ)

እኔም ለእናቴ ካርድ አሳትሜ ነበርና የደረሰብኝን ልንገርዎት። ጽሑፉን በኮምፒውተር ጽፌ ፋይሉን እንዳለ ለማተሚያ ቤት ላክሁላቸው፤ የእነርሱ መሣሪያ የግዕዝ ፊደል ስላልነበረው አማርኛው ሁሉ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ታተመ፣ ሠራተኞቹም ቋንቋውን ስለማያውቁ ጌጥ መስሏቸው አለፉት። መላው ቀላል ነው፦ ፊደሉ በውስጡ ታሽጎ የሚቀመጥበትን ፒዲኤፍ ወይም ፎቶ አድርገው ይላኩ፣ ከመታተሙም በፊት አክስትዎ ናሙናውን በዓይናቸው ይዩ። ፊደሉን ተለቅ ያድርጉት፤ እናቴ መነጽር አድርጋም ተራውን መጠን ማንበብ አልቻለችም ነበር። በመጨረሻ የ9 ዓመት ልጄ እንግሊዝኛውን ጮክ ብላ አነበበች፣ እኔ አማርኛውን አነበብሁላት፣ እናቴም ያለቀሰችው በልጄ ንባብ ነው።

መልስ (የቀበና ልጅ)

ቀኑን አደራ። ጥቅምት 12 ሁልጊዜ ኦክቶበር 22 ነው፣ አንዴ ከጻፉት በየዓመቱ ይሠራል።

መልስ (ጡረተኛ የአማርኛ መምህር)

ለዘንድሮ ልክ ነዎት፤ ኦክቶበር 22 ቀን 2025 ነው፣ ረቡዕ ይውላል። «ሁልጊዜ» የሚለው ግን አይሆንም። ጳጉሜን 6 ቀን ሆና ካለፈች በኋላ በሚመጣው ዓመት መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 ስለሚውል ጥቅምት 12ም ወደ ኦክቶበር 23 ይገፋል። በ2020 ዓ.ም. እንዲህ ይሆናል።

የስልኩንም ሰዓት ካሁኑ ይነጋገሩበት። በዚያ ቀን እነርሱ ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው፤ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ቢደውሉ እዚያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይሆናል። አክስትዎ «በ9 ሰዓት ደውዪ» ካሉ ግን የየትኛው አቈጣጠር 9 እንደሆነ ይጠይቋቸው፤ በፈረንጆቹ አቈጣጠር የጠዋቱ 9 የእኛ 3 ሰዓት ነው።

ጠያቂው

ጽሑፉን ለአክስቴ አሳየኋት። ሁሉንም ወዳዋለች፣ ነገር ግን «80 የሚለውን አውጪው» አለችኝ። እማማ 78 ነኝ ይላሉ፤ መታወቂያቸው ላይ ደግሞ የተወለዱት ጃንዋሪ 1 ተብሎ ሌላ ዓመት ተጽፏል። አባቴ በበኩሉ የተወለዱት በ1938 ዓ.ም. ስለመሆኑ ይምላል።

መልስ (ደብረ ብርሃን)

አያት ፊት በቁጥር አይከራከሩም። አውጪው።

መልስ (ከሜሪላንድ)

እኔ ግን አታውጪው እላለሁ። ድግሱ የተደገሰው 80 ሞሏቸው ተብሎ ከሆነ ኬኩም ላይ ይጻፋል፤ ካርዱ ብቻ ቢደብቀው ምን ይጠቅማል?

መልስ (ተርጓሚ፣ አዲስ አበባ)

ውሳኔው የቤተሰቡ ነው። ከወጣ ግን ከሁለቱም ጽሑፍ ይውጣ፤ አማርኛው ዝም ብሎ እንግሊዝኛው ቢናገር ልጆቹ ጮክ ብለው ያነቡታል። በአማርኛው «እንኳን ለልደት ቀንዎ በሰላም አደረሰዎ» ይበሉ፣ በእንግሊዝኛው ደግሞ የመጀመሪያውን መስመር እንዲህ ያድርጉት፤ ሌላው ሳይነካ ይቀጥላል።

```
Happy birthday!
```