ትኩሳት ሲኖር የልብ ምት ስንት ድረስ ቢጨምር ነው የሚያሰጋው?

የሳቢያን እህት፦
ሰላም ድሬዎች፣ ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ትኩሳት ይዞታል፣ አሁን ስለካው 39 ነው፣ ተቅማጥም አለው። ጣት ላይ የሚሰካው ማሽን ፐልሱን 122 ይላል፣ ደህና ሲሆን 75 አካባቢ ነበር። ከትኩሳቱ ነው ወይስ ልቡን ነክቶት ነው?

የከዚራው፦
አይዞሽ፣ ትኩሳት ሲኖር ልብ መፍጠኑ ያለ ነው። እኔ የሰማሁት 1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር 20 ይጨምራል ነው፣ ስለዚህ 2 ዲግሪ ካለው 40 መጨመሩ ልክ ነው ማለት ነው። ፓራሲታሞል ስጪውና ይተኛ።

ነርስ ነኝ፦
ወንድሜ ትኩሳት ልብን ያፈጥናል ያልከው ትክክል ነው፣ 20 ግን በዛ። ለአዋቂ ሰው በ1 ዲግሪ ወደ 10 ገደማ ነው፣ ከሰው ሰው ትንሽ ይለያያል። ሰውነት ሲግል ምቱን የሚያስነሳው የልብ ክፍል ራሱ ይፈጥናል፣ ሰውነቱም ብዙ ኦክስጅን ስለሚፈልግ ልብ ቶሎ ቶሎ ማድረስ አለበት። እህቴ የወንድምሽን እናስላው፣ 75 ነበር፣ 2 ዲግሪ ጨመረ፣ በትኩሳቱ ብቻ 95 አካባቢ ነበር መሆን ያለበት። 122 ከሆነ 27 ትርፍ አለ፣ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ተቅማጥ ስላለው መጀመሪያ የምጠረጥረው የውሃ ማነስ ነው፤ ደም ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲቀንስ ልብ በአንድ ምት የሚገፋው ያንሳል፣ ያንን ለማካካስ ምቱን ያበዛል።

አሁን እንዲህ አድርጊ፣ 5 ደቂቃ በጀርባው ይተኛና ፐልሱን አንጓው ላይ በሁለት ጣት ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሪ፣ ማሽኑ እጅ ሲንቀሳቀስ ወይም ጣት ሲቀዘቅዝ ይሳሳታል። ከዛ አጠገቡ ቁሚና አስነሺው፣ 1 ደቂቃ ከቆመ በኋላ ድጋሚ ቁጠሪ። በ30 ወይም ከዛ በላይ ከጨመረ፣ ወይም አዙሮት መቆም ካቃተው ብዙ ፈሳሽ አጥቷል ማለት ነው። ካዞረው ግን አትጠብቂ ቶሎ አስቀምጪው።

የመጋላ ልጅ፦
ይቅርታ ግን ጫት ቅሞ ነበር? ትናንት ከሰዓት ቅሞ ከሆነ እሱም ፐልስ ይጨምራል፣ አፍም ያደርቃል፣ ምግብም ይዘጋል፣ ብዙ ሰው ድሬ ሙቀት ውስጥ ቅሞ ውሃ ሳይጠጣ ነው የሚታመመው።

የሳቢያን እህት፦
አዎ ቅሟል፣ ውሃም ብዙ አልጠጣም። ቆጠርኩት፣ ተኝቶ 118፣ ቆሞ 146፣ ትንሽ አዙሮት ነበር።

ነርስ ነኝ፦
የጫቱ ነገር ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ከ27ቱ የተወሰነው እሱ ሊሆን ይችላል፣ ስንቱ እንደሆነ ግን መለየት አይቻልም። 28 መጨመሩ 30 ባይሞላም ከማዞሩ ጋር ግን ፈሳሹ ሳይቀንስ እንዳልቀረ ይነግረናል። 1 ፓኬት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጪና ቶሎ ቶሎ ትንሽ ትንሽ ይጠጣ፣ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላም አንድ ትልቅ ብርጭቆ። የሚያስመልሰው ከሆነና ከጠጣው ምንም ካልቆየለት፣ ወይ ተቅማጡ ደም ካለው፣ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ለማንኛውም ድሬ ላይ ትኩሳት ሲሆን የወባ ምርመራ ዛሬውኑ ይደረግለት።

የሁለት ልጆች እናት፦
የኔም 2 ዓመት ልጄ ባለፈው ትኩሳት ይዞት 140 ነበር፣ ደንግጬ ነበር፣ እሱም ውሃ አንሶት ይሆን?

ነርስ ነኝ፦
እናቴ የልጅ ልብ ሲጀምርም ፈጣን ነው፣ በአዋቂ ቁጥር አትለኪው። 2 ዓመት ልጅ ትኩሳት ይዞት 140 መድረሱ ብዙ አይገርምም። ሽንቱ ካልቀነሰ፣ ሲያለቅስ እንባ ካለው፣ የሚጠጣ ከሆነ ያ ከቁጥሩ የበለጠ ያሳያል።

የከዚራው፦
ግን ታይፎይድ ሲሆን ፐልስ አይጨምርም ይባላል፣ እዚህ ስለጨመረ ታይፎይድ አይደለም ማለት ይቻላል?

ነርስ ነኝ፦
በፍጹም። ታይፎይድ ላይ ፐልሱ ከሙቀቱ ጋር ሲተያይ ዝቅ ሊል ይችላል፣ ግን ሁሉም ሰው ላይ አይደለም፣ የጨመረበትም ታይፎይድ ሊሆን ይችላል። ዴንጊ ላይም እንደዛው አለ፣ ድሬ በፈረንጆቹ 2013 ያየነው ማለት ነው። ዴንጊ ላይ ደግሞ ከምንም በላይ የምፈራው ትኩሳቱ ሲወርድ ነው፣ ሰው ዳነ ብሎ ያስባል፣ ያኔ ግን ፈሳሽ ከደም ስር እየወጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሙቀቱ ወደ 37 ወርዶ ፐልሱ ግን 110 ላይ ከቀረ ወይ ጭራሽ ከጨመረ፣ እጁ ከቀዘቀዘ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ሆዱን በጣም ካመመው ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። ዴንጊ አይደለም እስኪባል አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን አይውሰድ፣ ፓራሲታሞል ብቻ።

የሳቢያን እህት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ወደ ማታ ነው፣ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ጠጣ፣ ሙቀቱ 38 ሆነ፣ ፐልሱ ተኝቶ 98፣ ቆሞ 114፣ ሽንትም ሸንቷል። ወባ ኔጌቲቭ ነው አሉ።

ነርስ ነኝ፦
ጥሩ ነው፣ በ38 የምንጠብቀው 85 ነበር፣ ትርፉ ከ27 ወደ 13 ወረደ፣ መጠጣቱን ይቀጥል። ትኩሳቱ ከምን እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም፣ ወባ መጀመሪያ ላይ ኔጌቲቭ ሊል ስለሚችል ትኩሳቱ ነገም ካለ ድጋሚ ይመርመር፣ ዴንጊንም ጠይቂ። ሙቀትና ፐልሱን ሰዓቱን እየጻፍሽ በወረቀት ያዥው፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።