የሰዓቴን መስታወት በምን ላስቀይረው?

ሰዓቴ ሴይኮ 5 ነው፤ መስታወቱ ሚኒራል፣ ማለትም ብርጭቆ ነው። ግንበኛ ስለሆንኩ አሸዋ ጫረውና አሁን ጥፍር የሚይዝ ጭረት አለው። የአባቴን አሮጌ ሰዓት በጥርስ ሳሙና አሽቼ ጭረቱ ጠፍቶ ነበር። ለካ የእሱ አክሪሊክ፣ ማለትም ፕላስቲክ ነው። የእኔን ግን ለግማሽ ሰዓት ያህል ባሸውም ወይ ፍንክች!

ሰዓት ሠሪው ያንኑ ሚኒራል በ800 ብር፣ ሳፋየር በ2,500 ብር እቀይርልሃለሁ አለኝ። አክሪሊክ በልኩ አላገኘም። ሳፋየር ከአሸዋ ስለሚጠነክር አሸዋ አይጭረውም። የምፈራው ሌላ ነው፤ ከብረት ጋር በኃይል ከተጋጨ ጠርዙ ሊሸረፍ ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። የተሸረፈ ደግሞ አይጠገንም፣ እንደገና 2,500 ብር ነው። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከፌሮ ጋር ነው የምውለው።

እንደኔ ሳይት ላይ የምትውሉ፣ ሳፋየሩ ያዋጣኛል ወይስ ሚኒራሉን በተጫረ ቁጥር ብቀይር ይሻለኛል?