ጥቁር ፀጉርን ፎቶ ላይ ቼስትነት ቡኒ ማድረግ፦ ዘለላው እንዳይጠፋ ምን ላድርግ?

ፎቶ ቤት ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አንዲት ደንበኛ የምርቃት ፎቶዋ ላይ ጥቁር ፀጉሯን ተፈጥሯዊ ቼስትነት ቡኒ እንዳደርግላት ጠየቀችኝ። ፀጉሯ ተተኩሶ የተለቀቀ ነው፤ ብርሃኑ ከግራ በኩል ካለ መስኮት ነው የመጣው። ፎቶሾፕ ላይ `Hue/Saturation` ከፍቼ `Colorize` ስል ጥቁሩ ንቅንቅ አይልም። `Lightness` ስጨምር ደግሞ ሁሉም ይደበዝዝና ቀለም የተቀባ ባርኔጣ ይመስላል። ዘለላዎቹና የሚያብረቀርቀው ቦታ ሳይጠፉ እንዴት ይቀየራል?

ሰብሊ
የኔ እህት፣ ጥቁር ፀጉር ላይ ቡኒ ቀለም ዝም ብሎ አይታይም። መጀመሪያ ጥቁሩ በባለሙያ መነሳት አለበት፣ ከዚያ ነው ቡኒው የሚቀባው። ሂና ብቻ ከተጠቀመች ፀሐይ ላይ ቀላ ከማለት አያልፍም። ቤት ውስጥ እንዳትሞክረው ንገሪያት።

ፎቶ ቤት ልጅ
አመሰግናለሁ ሰብሊዬ፣ ግን ፎቶው ላይ ነው እንጂ ፀጉሯን አይደለም።

አቤል ዲዛይን
ቀላል ነው። አዲስ ሌየር ክፈቺ፣ ሞዱን `Color` አድርጊው፣ ቡኒ መርጠሽ በብሩሽ ቀቢው። ዘለላው አይጠፋም፣ ምክንያቱም `Color` ብሩህነቱን አይነካም። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የድሮ ላቦራቶሪ
አቤል ያለው ግማሹ ልክ ነው። `Color` የታችኛውን ፎቶ ብሩህነት እንዳለ ይተወዋል። ችግሩም እሱ ነው። ፀጉሩ ጥቁር ከሆነ ቡኒው የሚያርፍበት ብርሃን የለም። ሰብሊ ስለ ጸጉር ቤት የተናገረችው እዚህም ይሠራል፦ መጀመሪያ ጥቁሩ ይነሳ፣ ከዚያ ቀለሙ ይምጣ።

ልጄ፣ በመጀመሪያ `Info` ፓነልን ክፈቺና ፀጉሩ ላይ ሦስት ቦታ አንብቢ፦ በዘለላዎቹ መካከል ያለውን ጥቁር፣ መካከለኛውን፣ የሚያብረቀርቀውን። ቁጥሩን ላኪልኝ።

ፎቶ ቤት ልጅ
እሺ ጋሼ። ጥቁሩ 12 አካባቢ፣ መካከለኛው 30፣ የሚያብረቀርቀው 120 ነው። ሦስቱም ቻናል ይቀራረባሉ፣ የሚያብረቀርቀው ላይ ብቻ ሰማያዊው ትንሽ ከፍ ይላል።

የድሮ ላቦራቶሪ
ጥሩ ፎቶ ነው። ጥቁሩ 0 ወይም 2 ቢሆን ኖሮ የሚነሳ ዘለላ ስለሌለ ወደ ሮው ፋይሉ ተመለሺ እልሽ ነበር።

ማስኩን ከ`Red` ቻናል አውጪው። ቡናማ ቆዳ ቀዩ ቻናል ላይ ይበራል፣ ፀጉር ግን ይጨልማል። ሰማያዊው ላይ ሁለቱም ስለሚጨልሙ ግንባሩ ጋ ድንበሩ ይጠፋብሻል። ቻናሉን ኮፒ አድርጊ፣ ግንባሯ ነጭ እስኪሆን `Levels` ጎትቺ፣ ከዚያ `Ctrl+I` በይው። ግንባሩ ዳር ያለውን ግራጫ እንዳታጠፊው፣ ቀጫጭኖቹ ፀጉሮች ያሉት እዚያ ነው። ፀጉሩ ውስጥ የሚያብረቀርቀው ቦታም ግራጫ ሆኖ ይወጣል። እሱን ግን በነጭ ብሩሽ ሙይው፣ ካልሞላሽው እዚያ ቦታ ቀለሙ ይጎድላል። ዓይን፣ ቅንድብና ልብስ ላይ ጥቁር ቀቢ። ማስኩን አንድ ግሩፕ ላይ አድርጊው። ግሩፑ `Pass Through` ላይ ይሁን፣ `Normal` ካደረግሽው ውስጡ ያለው ነገር የታችኛውን ፎቶ አያገኘውም።

ግሩፑ ውስጥ መጀመሪያ `Curves` አስገቢ፣ ሞዱን `Luminosity` አድርጊው። 30ን ወደ 60 አንሺ፣ 120ን ወደ 143 ገደማ። የግራውን ጫፍ ግን ከ0 አታንቀሳቅሺው። በ`Lightness` ያጣሽው ይህን ነው። `Lightness` ጥቁሩንም ሌላውንም አብሮ ወደ ነጭ ይጎትታል። ከርቩ ግን ጥቁሩን 12 ወደ 26 አካባቢ ብቻ ሲያነሳ ዘለላውን 60 ያደርሰዋል። በመካከላቸው የነበረው የ18 ልዩነት ወደ 34 ሰፋ ማለት ነው። ዘለላዎቹ እንዲያውም ከበፊቱ ይበልጥ ይለያያሉ።

ከላዩ `Solid Color` አስቀምጪ፣ ቀለሙ `#7a4a2e`፣ ሞዱ `Color`፣ `Opacity` 60 ከመቶ። መካከለኛው 82፣ 53፣ 37 አካባቢ ይመጣል፤ ደህና ቼስትነት ነው። 100 ላይ ከተውሽው ጨለማው ቦታ ወደ ቀይ ያደላል። ሐሰት መሆኑ የሚታወቀው መጀመሪያ እዚያ ነው።

የመጨረሻው የሚያብረቀርቀው ቦታ ነው። ቡኒ ፀጉር ላይ ሁለት ዓይነት ነጸብራቅ አለ። አንደኛው ከፀጉሩ ገጽ ላይ ተመልሶ የሚመጣ ነው፣ የመስኮቱን ብርሃን ቀለም እንደያዘ ይቀራል። ሁለተኛው ዘለላው ውስጥ ገብቶ ይወጣል፣ ስለዚህ ቡኒ ይሆናል፣ ቦታውም ትንሽ ወደ ፀጉሩ ሥር ያዘነብላል። ሁሉንም ቡኒ ከቀባሽው ፀጉሩ የሞተ ይመስላል። ስለዚህ የቀለሙን ሌየር ሁለቴ ክሊክ አድርጊና `Blend If` ውስጥ `Underlying Layer` ላይ የነጩን ምልክት `Alt` ይዘሽ ለሁለት ክፈይው። ግማሹን 90 ላይ፣ ግማሹን 140 ላይ። መሃሉ የመስኮቱን ብርሃን ይይዛል፣ ዳሩ ወደ ቡኒ ይቀልጣል።

አቤል ዲዛይን
ጋሼ ስለ ቀዩ ጨለማ ልክ ነዎት፣ እኔም ሁሌ ያጋጥመኛል። ግን ቅንድቡስ? ፀጉሩ ቡኒ ሆኖ ቅንድቡ ጥቁር ከቀረ አይታወቅም?

የድሮ ላቦራቶሪ
እኔ አልነካውም። ፀጉሯን የቀባች ሴት ቅንድቧ አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ ነው።

አቤል ዲዛይን
እሷ ያለችው እኮ "ተፈጥሯዊ" ነው። እኔ ብሆን ያንኑ ቡኒ 20 ከመቶ አደርግበታለሁ።

ናትናኤል ሪያድ
እኔ ፎቶሾፕ የለኝም፣ `GIMP` 2.10 ነው የምጠቀመው። እኅቴ ደግሞ ፀጉሯ አፍሮ ነው። `Blend If` አጣሁ።

የድሮ ላቦራቶሪ
`GIMP` 2.10 ላይ የለም። የፎቶውን ኮፒ ግራጫ አድርገህ፣ ገልብጠህ የቀለሙ ሌየር ማስክ አድርገው። ያኔ ብሩሁ ቦታ ቀለም በትንሹ ይደርሰዋል። የሌየሩ ሞድ `LCh Color` ይሁን። አፍሮ ላይ ነጸብራቁ እንደ ተተኮሰ ፀጉር አንድ መስመር አይሠራም፣ በየጥቅሉ የተበተነ ነጥብ ነው። ስለዚህ ነጥቦቹ አካባቢ ማስኩን ለስለስ አድርገው። ዳሩን በተመለከተ ግድግዳው ነጭ ከሆነ ብዙ አትጨነቅ፣ ነጭ ላይ ማስኩ ጥቁር ስለሚሆን ቀለሙ አይታይም።

ናትናኤል ሪያድ
ግድግዳው አረንጓዴ ነው ጋሼ።

የድሮ ላቦራቶሪ
እንግዲያው ዳሩ ላይ አረንጓዴው ፀጉሩ ውስጥ ገብቶ ይሆናል። ፎቶውን ሳላይ ልነግርህ አልችልም፣ እዚህ ልቀቅልን።

ፎቶ ቤት ልጅ
ሠራሁት! ፊቷ አጠገብ ያሉት ዘለላዎች አንድ በአንድ ይታያሉ፣ መሃሉም ነጭ ሆኖ ቀርቷል። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፦ አንገቷ ሥር በቀኝ በኩል ቆዳው ብርቱካናማ ሆነ።

የድሮ ላቦራቶሪ
ያ ጥላ ነው። ጥላ ውስጥ ያለ ቆዳ ቀዩ ቻናል ላይም እንደ ፀጉር ይጨልማል፣ ማስኩ ሊለየው አይችልም። ማስኩን `Alt` ይዘሽ ክሊክ አድርጊው፣ ነጭ ሆኖ ታዪዋለሽ። ለስላሳ ጥቁር ብሩሽ 30 ከመቶ አድርገሽ ከአንገት ወደ ፀጉር እየሄድሽ አጥፊው። ከፀጉር ወደ አንገት ከመጣሽ ዘለላዎቹን አብረሽ ታጠፊያለሽ።