ለእናቴ ተዝካር የምለብሰውን በተመለከተ ምክራችሁን እጠይቃለሁ

ጠያቂዋ (ትውልዷ መሐል ሜዳ)
ውድ የአገሬ ልጆች፣ የእናቴን መርዶ ከሰማሁ ሳምንት አልፎኛል። ቀብሩ መንዝ በመፈጸሙ ልደርስ አልቻልኩም፤ የፊታችን ቅዳሜ እዚሁ የማኅበራችን አዳራሽ ለቅሶ ይደረጋል፤ ለአርባው ተዝካር ደግሞ አገር ቤት እሄዳለሁ። በእጄ ያለው ጥቁር ቀሚስ ብብቱ ድረስ ክፍት የሆነና የሚያብረቀርቅ ሲሆን፣ ነጠላዬም አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት ያለው ነው። እነዚህን ለብሼ ሐዘንተኛ ሆኜ ብቀመጥ ነውር ይሆንብኛል ወይ?

ወጣት (ደብረ ብርሃን)
እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሐዘን ላይ ከራስ እስከ እግር ጥቁር ነው የሚለበሰው፤ ነጭ የደስታ ልብስ ስለሆነ ነጠላውን ተዪውና ጥቁር ሻሽ ብቻ እሰሪ።

እትዬ (አንኮበር ያደጉ)
ልጄ፣ እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር፣ አንቺንም ያጽናሽ። ወንድማችን ጥቁር ይለበሳል ማለቱ ለቅርብ ዘመድ ልክ ነው፤ ነጭ አይለበስም ማለቱ ግን ልክ አይደለም። በእኛ አገር ለቅሶ የሚመጣው ሰው አብዛኛው ነጭ ነጠላ ነው የሚለብሰው፤ ሐዘኑን የሚያሳየው ነጠላው የተዘቀዘቀ መሆኑ ነው። በበዓል ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ ከቀሚሱ ጫፍ በላይ ይታያል፤ በሐዘን ጊዜ ግን ይገለበጥና ጥለቱ ወደ ላይ፣ አንገትና ትከሻ ላይ ይውላል። ስለዚህ የአንቺ አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት ሲዘቀዘቅ ፊትሽ ሥር ስለሚሆን ከሩቅ ያብለጨልጫል። ጥለቱ ጥቁር የሆነ፣ ካልተገኘም ጠባብና ደብዘዝ ያለ ነጠላ ከጎረቤት ተዋሺ። ለእናቷ የምታለቅስ ልጅ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ነጩን ነጠላ አዘቅዝቃ ብትደርብበት ማንም አይታዘባትም።

ልብስ ሰፊ (ስደት ላይ የምትኖር)
ስለ ቀሚሱ አንድ ነገር ልጨምር። እጅጌው እስከ አንጓ የሚደርስ፣ ደረቱ የተዘጋ፣ ወገቡ ላይ ያልጠበቀ ይሁን። ሐዘንተኛ ረጅም ሰዓት የሚቀመጠው ዝቅ ያለ ወንበር ወይም ፍራሽ ላይ ስለሆነ፣ ቆመው ሲያዩት ከጉልበት በታች የሚመስል ቀሚስ ሲቀመጡ ወደ ላይ ይሸሻል። ቤትሽ ውስጥ ዝቅ ብለሽ ተቀምጠሽ፣ እንደምትሳለሚም ሆነሽ አጎንብሰሽ፣ እጅሽንም አንሥተሽ ሞክሪው፤ ጉልበትሽ ወይም ጀርባሽ ከታየ አጭር ነው ማለት ነው። ቅዳሜ ሌላ ከሌለሽ በዚያ በክፍቱ ቀሚስ ላይ ረጅም እጅጌ ያለው ጥቁር ሹራብ ደርቢበት፤ አብረቅራቂነቱንም ይሸፍነዋል።

ነጠላሽን ጥቁር ልታስነክሪው ካሰብሽ ግን ተጠንቀቂ። ጥጡ የጥጥ ቀለምን ይቀበላል፤ ጥለቱ የተሠራው ከፖሊስተር ወይም ከአክሪሊክ ክር ከሆነ ግን እምብዛም ስለማይቀበል፣ መካከሉ ጥቁር፣ ጥለቱ አረንጓዴ ሆኖ ይቀርና ከበፊቱ የባሰ ደምቆ ይታያል። መጀመሪያ ከጥለቱ ዘርፍ ላይ ጥቂት ክር ቆርጠሽ ሞክሪ።

ሸዋ ሮቢት ያደገች
እኛ ሙስሊሞች ዘንድ ጥያቄው ራሱ ይለያል። ለእናትም ቢሆን ሐዘኑ ሦስት ቀን ነው፤ ባሏ የሞተባት ሴት ግን አራት ወር ከአሥር ቀን ከጌጥና ከሽቶ ትርቃለች። እኔ ለአባቴ ያገለገለኝ ሰፊና ጌጥ የሌለው ልብስ ነበር፤ ጥቁር መሆን አላስፈለገውም።

ጋሼ (መንዝ)
ከአገሬ ሰዎች ጥቁር በርኖስ የለበሰውን ሁሉ ሐዘንተኛ ነው ብላችሁ እንዳትታለሉ፤ እሱ የበግ ጠጉር ነው፣ የብርድ ልብስ ነው። ብርድ ስል አስታወሰኝ፦ ልጄ፣ መሐል ሜዳ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፤ ተዝካሩ ላይ ከቀሚሱ ሥር ሙቅ ልብስ ልበሺ፤ ጋቢም አይለይሽ። ጋቢ ሲደረብ ነጠላው እንዳይሸፈን ነጠላውን አንገት ላይ አስቀሪው።

ጠያቂዋ
አመሰግናለሁ። ጥቁር ጥለት ያለው ነጠላ ከጎረቤቴ አግኝቻለሁ። የቀረኝ ጥያቄ ጥቁሩን የማወልቀው መቼ ነው የሚለው ነው፤ አንዳንዶች ከአርባው በኋላ፣ ሌሎች ደግሞ እስከ ሙት ዓመቷ ድረስ ይሉኛል።

እትዬ
እኔ ለእናቴ ዓመት ሙሉ ለብሻለሁ። እህቴ ግን ከአርባው በኋላ አወለቀች፤ ያኔ አንዳንድ ዘመድ አጉረምርሞባታል። ከልሽን ማን እንደሚያስወልቅሽ፣ መቼስ እንደሆነ አክስቶችሽን ጠይቂ፤ በአንዳንድ ቤት ታላላቆቹ ናቸው የሚያስወልቁት።

ወጣት
ለወንዶችስ? ቅዳሜ ጥቁር ሱፍ ከጥቁር ክራቫት ጋር ልለብስ ነበር፤ ነጠላ ልደርብበት?

ጋሼ
ደርብ፣ ልጄ። ጥለቱን ግን ወደ አንገትህ አድርግ።