ጉዳዩ፦ ለከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያ የሥራ መደብ ያቀረብኩት ማመልከቻ ያለበት ደረጃ

ለተከበሩ የቅጥር ክፍል ኃላፊ፣

እንደምን ሰነበቱ? ያስገባሁት ሲቪ የኮምፒውተሩን የመጀመሪያ ማጣሪያ ማለፉን የሚገልጽ መልእክት ባለፈው ወር ደርሶኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በማመልከቻ ገጻችሁ ላይ የሚታየው «Under Review» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው። ማመልከቻዬ ሰው እጅ ገብቶ እየታየ ይሁን ወይስ ተራ እየጠበቀ፣ ከዚህ ጽሑፍ መለየት አልቻልኩም።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ሲቪዬ ላይ ያለው የሥራ ዘመን ከሴፕቴምበር 2019 እስከ ጁን 2024 ይላል፤ አያይዤ የላክሁት የሥራ ልምድ ማስረጃ ደግሞ ከመስከረም 2012 እስከ ሰኔ 2016 ይላል። ሁለቱ አንድ ዘመን ናቸው፤ የመጀመሪያው በፈረንጆች፣ ሁለተኛው በእኛ አቆጣጠር ነው። ማሽኑ ሲቪውን ብቻ አንብቦ ሊያልፍ ይችላል፣ ሰነዶቹን ጎን ለጎን የሚያይ ሰው ግን ቀኖቹ የተጋጩ ሊመስሉት ይችላሉ። ማመልከቻዬ የቆመው በዚህ ከሆነ፣ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ በሁለቱም አቆጣጠር የጻፈልኝን ማረጋገጫ ዛሬውኑ ልልክ እችላለሁ።

የምጠይቅዎት ሁለት ነገር ነው፦ ለጽሑፍ ፈተና የሚጠሩ ዕጩዎች ዝርዝር ተለይቶ እንደሆነ፣ ካልሆነም በግምት መቼ እንደሚለይ። አሁን ያለሁበትን ሥራ ለመልቀቅ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ስላለብኝ፣ ቀኑን አስቀድሜ ባውቅ ለእናንተም ይቀላል። ሳልመረጥ ቀርቼ ከሆነም ይንገሩኝ፤ አልቀየምም።

ከአክብሮት ጋር
አመልካቿ