ከደረጃዬ በታች ሥራ ላቀረበልኝ ኤጀንት ምን ልመልስ?

ሰኞ ገበያ (ጠያቂ)፦ ኮምቦልቻ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የፋይናንስ ኃላፊ ነኝ። በሒሳብ ሥራ 12 ዓመት ሠርቻለሁ፣ በሥሬ 6 ሰው አለ። የአዲስ አበባ ኤጀንት በሊንክዲን «ለእርስዎ የሚመጥን» ብሎ የ2 ዓመት ልምድ የሚጠይቅ የአካውንታንት ቦታ ላከልኝ። ዝም ልበለው ወይስ ልመልስ? ምን ብዬ?

ሸዋ በር፦ አብሽሪ፣ ንቆሽ አይደለም። ለመቶ ሰው ነው የሚበትኑት። የምትፈልጊውን ደመወዝ ጥሪለት፣ ራሱ ይጠፋል።

ጡረተኛው፦ ሰው ኃይል ላይ ብዙ ዘመን ስለሠራሁ ልናገር። ደመወዝ መጥራት ያጣራል፤ ሸዋ በር እዚህ ላይ ልክ ነህ። ግን በመጀመሪያው መልእክት አይጠራም። የመደብ ስም ያታልላል፤ ውጭ አገር ድርጅት ውስጥ «ኦፊሰር» የሚባለው ከፋብሪካ ኃላፊ የበለጠ የሚከፈለው ጊዜ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቂ፣ ልጄ። እንዲህ ብትጽፊስ፦

«ስላሰቡኝ አመሰግናለሁ። አሁን የፋይናንስ ክፍል እመራለሁ፣ ቦታው ለጀማሪ የወጣ ይመስላል። ተጠሪነቱ ለማን ነው? በሥሩ ስንት ሰው አለ? የደመወዝ እርከኑስ? የኃላፊነት ቦታ ሲኖር ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል።»

እርከኑን ከነገረሽ እውነተኛ ቦታ ይዟል። «መጀመሪያ ሲቪ ላኪ» ብቻ ካለ ፋይሉን እየሞላ ነው። ደመወዝ ስትጠሪ ደግሞ ያልተጣራ መሆኑን ጻፊ። የጡረታ 7 በመቶና እስከ 35 በመቶ የሚደርሰው ግብር ሲነሳ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚጣላው።

ፕሮፋይልሽንም እይው። ከስምሽ ሥር «አካውንታንት» የሚል ካለ፣ በዚያ ቃል ፈልጎ ነው ያገኘሽ።

ቧንቧ ውሃ፦ እኔን ኤጀንሲው ለምዝገባ ብሎ ብር ጠየቀኝ! አትክፈይ።

ጡረተኛው፦ እሷ ክፍያ አልተጠየቀችም እኮ። ለአንተ ግን፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ኤጀንሲ ከሠራተኛ ክፍያ መቀበል አይችልም።

ሰኞ ገበያ፦ እውነትም «አካውንታንት» ይላል፣ ከድሮው የቀረ ነው። የጻፉልኝን ልኬለት መለሰ፦ ተጠሪነቱ ለፋይናንስ ሥራ አስኪያጅ፣ በሥሩ ሰው የለም። እርከኑን ዘለለው። «የኃላፊ ቦታ ሊከፈት ይችላል፣ ሲቪ ይላኩ» ይላል።

ሸዋ በር፦ አትላኪ! ለዚያው ለጀማሪው ቦታ ያስገባዋል።

ጡረተኛው፦ እኔ ብሆን እልካለሁ፤ ግን «ሳያስፈቅዱኝ ለማንም ድርጅት አይስጡ» ብዬ በጽሑፍ። መልሱን ሳታገኚ አትላኪ።

ሰኞ ገበያ፦ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ኮምቦልቻ ሁሉም ይተዋወቃል፤ ሲቪዬ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ ቢያርፍስ?

ሸዋ በር፦ ወላሂ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ጡረተኛው፦ የፋብሪካውን ስም ከሲቪው ላይ አጥፍተሽ «የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ» ብለሽ ብቻ መላክ ትችያለሽ። ሙሉ በሙሉ ግን አይሸፍንሽም፤ የሚያውቅሽ ያውቅሻል።